ጆሮዬ ያልሰማው ኩሽኔታ

ኩሽኔታ በሁላችሁም ቤት አለ። በልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ፣ በቬንትሌተሩ ውስጥ፣ በልጆቹ ብስክሌት ጎማ መሃል፣ መኪና ላለውም በመኪናው ጎማዎች ውስጥ። ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ። በመካከላቸው ልጆች የሚጫወቱበትን ብይ የሚመስሉ የብረት ኳሶች ተደርድረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ቀለበት ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር ይዞራል፤ ትልቁ ባለበት ቆሞ ይሸከማል፤ ብዮቹ በሁለቱ መሃል ይንከባለላሉ። እኔ ለ34 ዓመታት እንጀራዬን የበላሁት ከእነዚህ ቀለበቶች ጋር ስታገል ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሠርቼ አምና ጡረታ ወጥቻለሁ።

በእኛ ጊዜ የኩሽኔታ ሐኪም መሣሪያው ካቻቢቴ ነበር። ረጅሙን ካቻቢቴ ትይዝና ጫፉን ኩሽኔታው ያለበት ቤት ላይ ታሳርፋለህ፤ እጀታውን ጆሮህ ሥር ካለው አጥንት ጋር ታጣብቃለህ። ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ለስላሳ ድምፅ አለው። የታመመው ይንኳኳል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱም ይጮኻል። ወጣት ሳለሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የማበጠሪያውን ኩሽኔታ ሰምቼ “ይህ ሳምንት አይሞላም” ብዬ የተናገርኩባቸው ቀኖች አሉ። ለዚህም ነው ልጆቹ “ጋሼ ጆሮው ስቴቶስኮፕ ነው” ይሉኝ የነበረው።

ጆሮ ግን ይደክማል። በወፍጮ ጩኸት ውስጥ የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ አይደለም። ቀጭኑን ነው፤ በሰከንድ 4,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን። ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ፣ ሬዲዮ እሰማለሁ፣ የልጅ ልጄ የሰዓቷን ቀጭን ደወል ስታሰማኝ ግን “የቱ ነው?” እላለሁ። የሚገርመው፣ ኩሽኔታ መታመም ሲጀምር የሚያሰማው ድምፅም እዚያው ቀጭኑ ሰፈር ነው። ሥራው ከእኔ የወሰደው ለሥራው የሚያስፈልገኝን ድምፅ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያ ልጄ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምራ የፋብሪካ ማሽኖችን ንዝረት በሚለካ ድርጅት ተቀጠረች። ድርጅቱ ከእኛ ፋብሪካ ጋር ውል ስለነበረው በወር አንድ ጊዜ መሣሪያዋን በትከሻዋ አንግታ ትመጣለች። ግቢው ውስጥ ከገባች አባዬ አትለኝም፤ እንደሌሎቹ “ጋሼ” ትለኛለች። ማታ ቤት ስንገናኝ ባለቤቴ በዚህ ትስቅብናለች።

የምተርክላችሁ የአንድ ሞተር ጉዳይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ዱቄቱን በቱቦ ወደ ላይ የሚስበውን ትልቅ ማራገቢያ የሚያዞር የ15 ኪሎዋት ሞተር ነው። ሞተሩ ማራገቢያውን የሚያዞረው በቺንጋ ነው። ከፑሌጃው ጀርባ፣ የቺንጋውን ጉተታ በሙሉ የሚሸከመው ኩሽኔታ ቁጥሩ 6309 ይባላል፤ በውስጡ 8 ብዮች አሉት።

የልጄ መለኪያ የአውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ናት፤ ከሥሯ ማግኔት አላት። ኩሽኔታው ያለበት ቦታ ላይ ጠቅ አድርጋ ትለጥፋታለች። ሴንሰሯ ብረቱ ወዲህና ወዲያ የሚናወጥበትን በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየቆጠረች ትመዘግባለች። የካቲት ላይ ለክታ አጠቃላይ የንዝረት መጠኑ 2.1 ሚሊሜትር በሰከንድ ሆነ። በአይኤስኦ ሰንጠረዥ መሠረት በጠንካራ መሠረት ላይ ለተተከለ እንዲህ ላለ ሞተር እስከ 2.8 ድረስ ያለው ለረጅም ጊዜ ሊሠራ የሚችል ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ልጄ ግን ከሥሩ ሌላ ወረቀት አያይዛ ነበር፤ በእሱ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት ትንሽ መስመር ተከባ ነበር። ከመስመሯ አጠገብ 74.7 ተብሎ ተጽፏል።

ማታ ቤት ቁጭ ብለን “ይህ 74.7 ምንድን ነው?” አልኳት። ያስረዳችኝን እንደገባኝ ላስረዳችሁ።

ሞተሩ በደቂቃ 1,470 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ሲሆን 24.5። አሁን እርሳስ ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ መጽሐፍ ከላዩ አድርጋችሁ መጽሐፉን ግፉት። መጽሐፉ አንድ ስንዝር ሲሄድ እርሳሱ የሚሄደው ግማሽ ስንዝር ነው። በኩሽኔታ ውስጥም ብዮቹ እንደዚያው ናቸው፤ ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር እነሱ ግማሽ ዙር እንኳ አይሞሉም፤ በዚህኛው ኩሽኔታ 0.38 ዙር ገደማ ይሄዳሉ። ብዮቹ 8 ስለሆኑ ዘንጉ አንዴ በዞረ ቁጥር በቆመው የውጭ ቀለበት ላይ ባለች በአንዲት ነጥብ 3.05 ብዮች ያልፋሉ። በሰከንድ 24.5 ዙር ስታበዙት 74.7 ይመጣል። ስለዚህ በውጭው ቀለበት ላይ የተፈረፈረች ቦታ ካለች በሰከንድ 74.7 ጊዜ ትመታለች። ቁስሉ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ቢሆን ኖሮ 121.3 ይሆን ነበር። ሁለቱን ደምሯቸው፤ 196 ይሆናል፤ እሱም ስምንቱ ብዮች በ24.5 ተባዝተው ማለት ነው። ሒሳቡ እንዲህ መግጠሙ ደስ አሰኝቶኝ ወረቀቱን ለባለቤቴ ብሰጣት “ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው” አለችኝ።

በዚህ ነገር ውስጥ ትልቁ ብልሃት 3.05 ሙሉ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ማራገቢያው ሚዛን ቢያጣ ንዝረቱ ከዙሩ ጋር እኩል፣ አንድ ለአንድ ይመጣል። ፑሌጃው ቢጣመም ከዙሩ ጋር እኩል ወይም በሙሉ ቁጥር እጥፍ ይመጣል። የኩሽኔታ ቁስል ግን በእንደዚህ ዓይነት ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚናገረው። ግን ሦስት እጥፍ 73.5 ነው፤ የእኛዋ ደግሞ 74.7። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። አንድ ሰከንድ ብቻ ያዳመጠ መሣሪያ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ እንደ አንድ ድምፅ ይደባልቃቸዋል። ልጄ 8 ሰከንድ ሙሉ አዳመጠችው፤ ያን ጊዜ መስመሮቹ ተለያዩ። የሞተሩንም ዙር የዕለቱን በታኮሜትር ለካች፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አላመነችም፤ ምክንያቱም ጭነት ሲቀየር ዙሩም ትንሽ ይቀየራል።

“ታዲያ ይህን የምታህል ትንሽ ምት በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንዴት ለየሽው?” ስላት ጠረጴዛውን በጣቷ አንኳኳች። በር ሲንኳኳ ሁለት ነገር አለ፤ የእንጨቱ ድምፅ እና ሰውየው በየስንት ጊዜው የሚያንኳኳበት ፍጥነት። ብዩ ቁስሏን በመታ ቁጥር ብረቱ እንደ ደወል በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ይርገበገብና ወዲያው ይሞታል። መሣሪያው ዘገምተኛውንና ትልቁን ንዝረት ሁሉ ጥሎ ያን የደወል ድምፅ ብቻ ያስቀራል፤ ከዚያም ደወሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተመታ ይቆጥራል። የእንጨቱን ድምፅ ትቶ የሚያንኳኳውን እጅ መቁጠር ማለት ነው። ደወሉ ያለው ደግሞ የእኔ ጆሮ በተዘጋበት ሰፈር ነው።

የወንድሜ ልጅ ይህን ስነግረው “ስልክም እኮ ሴንሰር አለው” አለኝ። አለው፤ ግን የአብዛኛው ስልክ የንዝረት ሴንሰር በሰከንድ የሚለካው ጥቂት መቶ ጊዜ ነው፤ በሺዎች የሚርገበገብን ደወል አይዝም። ለቤት ውስጥ ማጠቢያ ማሽን ግን ሴንሰርም አያስፈልግም። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ባዶውን ከበሮ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። እንደ ድንጋይ ወፍጮ ካጉረመረመ፣ ከበሮውንም ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቁት ከተላወሰ፣ ኩሽኔታው አልቋል።

ወደ ሞተራችን ልመለስ። መጋቢት ላይ 74.7 አድጋ ቆየችን። ከጎኗም 149.4 እና 224.1 ላይ ሌሎች መስመሮች ቆመዋል፤ ሁለት እጥፏና ሦስት እጥፏ ናቸው። እነዚህ ሲደረደሩ ቁስሉ ሰፍቷል ማለት ነው። ጊዜው ደግሞ ከፋሲካ በፊት ሁለት ሳምንት ነበር። የዱቄት ፋብሪካ በዚያ ወቅት ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ ዳቦ ቤቱ፣ ቸርቻሪው፣ ሁሉም ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። “እስከ በዓሉ ይቆያል ወይስ አይቆይም? ለፋሲካ ሁለት ቀን እንዘጋለን፤ ያኔ ቀይሩት።”

የንዝረት ምርመራ መልስ የማይሰጥበት ጥያቄ ይሄ ነው። ምን እንደታመመና የት እንደታመመ ይናገራል። መቼ እንደሚሞት ግን አይናገርም። አንዱ ኩሽኔታ እንዲህ ሆኖ ወራት ይሠራል፣ ሌላው በሳምንት ያልቃል፤ እንደ ጭነቱ፣ እንደ ዙሩ፣ እንደ ግራሶው ነው። ልጄም ይህንኑ ነገረችው። “ቀን አልቆርጥልዎትም። የምችለው ቶሎ ቶሎ እየለካሁ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ነው።” በወር የነበረው ልኬት በየሁለት ቀኑ ሆነ።

በመካከሉ እኔ በካቻቢቴዬ ወጣሁ። ምንም የለም። እጄን ሞተሩ ላይ አደረግሁ፤ ሙቀቱ እንደ ሌላው ጊዜ ነው። ሙቀት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምልክት መሆኑን አውቃለሁ፤ ኩሽኔታ ሲግል የቀረው ጊዜ ቀን ሳይሆን ሰዓት ሊሆን ይችላል። ረዳቴን፣ ገና 26 ዓመት የሆነውን ልጅ፣ ካቻቢቴውን ሰጥቼ አዳምጥ አልኩት። “ጋሼ፣ ቀጭን ነገር ትክ ትክ ትላለች” አለኝ። ዝም ብዬ ከደረጃው ወረድኩ።

በስድስተኛው ቀን ልኬት ላይ ያች የደወል ድምፅ ቀነሰች። መስመሯ ካለፈው ቁመቷ ግማሽ ሆነች። ረዳቴ ስክሪኑን አይቶ “ተሽሎታል እኮ!” አለ፤ ከግራሶው ነው ብሎም አሰበ፤ ከሁለት ቀን በፊት ጨምረን ነበር። የልጄን ፊት አየሁ፤ እንደዚያ ስትሆን የማውቃት ትንሽ ሆና ስትታመም ነው። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። መስመሯ አጥራለች፤ ነገር ግን በመስመሮቹ ሥር ያለው ወለል፣ በፊት ጠፍጣፋ የነበረው፣ በሙሉ ከፍ ብሎ እንደ ሣር ቆሟል። ቁስሉ አዲስ ሳለ ጠርዙ ስለት ነው፤ ብዩ ሲያልፍበት ጥርት ብሎ ይንኳኳል። ሲሰፋና ብዮቹ ሲረግጡት ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ጥርት ያለው ምት ይጠፋና በቦታው ሁሉም ነገር የሚጎረብጥ ያልተለየ ጫጫታ ይመጣል። የዳነ ኩሽኔታ የለም፤ የተፈረፈረ ብረት አይሽርም። ቁጥሩ ሲቀንስ የተደሰተ ሰው በዚያው ሌሊት ሊቃጠልበት ይችላል።

ሊቃጠል የምለው እንዲሁ ለማለት አይደለም። የብዮቹ መያዣ ከተሰበረና ኩሽኔታው ከቆለፈ፣ ሞተሩ እየገፋው ብረት በብረት ይፋተጋል፤ በአጭር ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይግላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የምትነኩት ሁሉ የዱቄት ብናኝ ለብሷል። ወለል ላይ የተኛ ብናኝ ይጨሳል፤ በአየር ላይ የተነሳ ብናኝ ግን እንደ ባሩድ ይፈነዳል። በእህልና በዱቄት ሥራ የጋለ ኩሽኔታ ከታወቁት የእሳት መነሻዎች አንዱ ነው። በዚያ ምሽት ፈረቃ 11 ሰዎች ነበሩ። አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ሲወለድ ገንፎ የበላሁለት።

ማሽን ይቁም ብሎ የሚፈርመው የጥገና ኃላፊው ነው፤ እኔ ማለት ነኝ። በ34 ዓመቴ ማሽን ያቆምኩት ሁሉ ራሴ የሰማሁትን፣ የዳሰስኩትን ነበር። የዚያን ዕለት ጆሮዬ ምንም አላለኝም፣ እጄም ምንም አላለኝም፣ አጠቃላዩ የንዝረት ቁጥርም ገና 2.6 ነበር፤ ሰንጠረዡ የሚያልፈው። ያለኝ የልጄ ሣር የመሰለ ሥዕልና የረዳቴ ጆሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ “እርስዎ ራስዎ ሰምተውታል?” ብሎ ጠየቀኝ። “እኔ አልሰማሁትም። ትሰማለች፤ እፈርማለሁ” አልኩት። ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም። እንደ ሥራ ነገር ሴንሰሯን ከሞተሩ ነቅላ ገመዱን ጠቀለለች።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አቆምነው፤ ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን መልሶ ተነሳ። ኩሽኔታውን ከመንቀላችን በፊት ልጄ የውጭው ቀለበት አናት ላይ በቀለም ምልክት አደረገች። ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም። ማለዳ ላይ ቀለበቱን በመፍጫ ለሁለት ሰንጥቀን ስናጥበው ገባኝ። የተፈረፈረው ቦታ ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል፤ የብረቱ ቆዳ እንደ ቅርፊት ተልጦ ተነስቷል። የብዮቹ መያዣ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ሳይ ረዳቴ ነበር ቀድሞ የተቀመጠው፤ እኔ ቆሜ ቆየሁ።

ቁስሉ የነበረው ግን ከታች አልነበረም። የሞተሩ የራሱ ክብደት ቢሆን የጎዳው፣ ዘንጉ ወደ ታች ስለሚጫን ቁስሉ ከቀለበቱ ግርጌ ይሆን ነበር። የቀለሙን ምልክት ወደ ላይ አድርገን ቀለበቱን ስናስቀምጠው ቁስሉ ከጎን ሆነ፤ ልክ ማራገቢያው ባለበት አቅጣጫ። ዘንጉን ወደዚያ የሚጎትተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቺንጋው። ቺንጋው ከሚገባው በላይ ተወጥሮ ኖሯል። በየፋብሪካው ያለ ልማድ ነው፤ ቺንጋ ተንሸራቶ ከጮኸ መካኒኩ ጭኖ ያጠብቀዋል፣ ጩኸቱ ይቆማል፣ ሁሉም ይረካል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ኩሽኔታው ነው።

ስለዚህ አዲሱን ኩሽኔታ ስንገጥም ቺንጋውን በእጅ ግምት አልወጠርነውም። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለውን ርቀት ለካን፤ ለአንድ ሜትር ርቀት መሃሉ ላይ 16 ሚሊሜትር ገደማ መርገብ አለበት። ስንት ኪሎ ተጭኖበት ነው 16 የሚረግበው የሚለው እንደ ቺንጋው ዓይነት ከአምራቹ ሰንጠረዥ ይወሰዳል፤ ለዚያ የስፕሪንግ ሚዛን አለ። አዲስ ቺንጋ ሥራ ሲጀምር ስለሚለጠጥ ከአንድ ቀን በኋላ ደግመን ለካነው። ልጄም በዚያው ቀን የአዲሱን ኩሽኔታ ንዝረት መዝግባ አስቀመጠች፤ ወደፊት የሚመጣው ሁሉ ከዚያ ጋር ይተያያል። 74.7 ላይ ምንም አልነበረም።

ሌሎቹን ቺንጋዎችም በየፎቁ እየዞርን ለካናቸው። ከ14ቱ 5ቱ ከልክ በላይ የተወጠሩ ነበሩ።